ያልተሸጠ እህል ተቆጥሮ ያልተሸጠ እንክብካቤ የሚቀረው ለምንድን ነው?

ጥያቄ፦ «ኢኮኖሚው በዚህን ያህል በመቶ አደገ ሲባል በየጊዜው እሰማለሁ። እንደገባኝ ጂዲፒ ማለት በአገሪቱ ውስጥ የተሸጠው ነገር ሁሉ ድምር ነው። ባለቤቴ ሥራዋን ትታ ሁለት ልጆቻችንንና የታመሙ እናቴን መንከባከብ ከጀመረች ሦስት ዓመት ሆናት፤ ድካሟ ስለማይሸጥ አይቆጠርም ማለት ነው። አንድ ጓደኛዬ ግን ገበሬ ለገዛ ቤቱ ያመረተው እህል፣ ባይሸጥም፣ ይቆጠራል አለኝ። ይህ እንዴት ይሆናል? የእሷ ሥራ ለኢኮኖሚው ዋጋ የለውም?»

ምላሽ፦ ጂዲፒ፣ ማለትም ጥቅል የአገር ውስጥ ምርት፣ የተሸጠው ሁሉ ድምር አይደለም። ከተሸጠው ብዙው አይደመርም፤ ካልተሸጠውም ጥቂት የማይባል ይደመራል። ጓደኛዎ የነገሩዎት ትክክል ነው። የባለቤትዎ ሥራ የሚቀርበትም ምክንያት ስለማይሸጥ ብቻ አይደለም፤ ያልተሸጠን ነገር የትኛው ይቆጠር፣ የትኛው ይቅር ብሎ የሚለይ አንድ የተጻፈ ደንብ ስላለ ነው። ደንቡን ለመረዳት ግን መጀመሪያ አቆጣጠሩን በቅርበት ማየት ያስፈልጋል።

አንድ ገበሬ ስንዴውን ለወፍጮ ቤት በ100 ሸጠ እንበል። ወፍጮ ቤቱ ዱቄቱን ለዳቦ ቤት በ160 ሸጠ፤ ዳቦ ቤቱ ደግሞ ዳቦውን ለሸማቾች በ280 ሸጠ። ሦስቱን ሽያጮች ብንደምር 540 እናገኛለን፤ ነገር ግን ስንዴው በዱቄቱ ዋጋ ውስጥ፣ ዱቄቱም በዳቦው ዋጋ ውስጥ ስላለ ስንዴውን ሦስት ጊዜ፣ የወፍጮውን ሥራ ሁለት ጊዜ ቆጠርን ማለት ነው። ስለዚህ ከእያንዳንዱ አምራች የሚወሰደው እሱ የጨመረው እሴት ብቻ ነው። ገበሬው 100 ጨመረ (ዘርና ማዳበሪያ አልገዛም ብለን ለቀላልነት እንውሰድ)፣ ወፍጮ ቤቱ 60፣ ዳቦ ቤቱ 120፤ ድምሩ 280 ይሆናል። ይህም ከመጨረሻው ዳቦ ዋጋ ጋር እኩል ነው።

ይኸው 280 በሌላ በኩል ሲታይ የሰዎች ገቢ ነው። ዳቦ ቤቱ ከጨመረው 120 ውስጥ 70ው ለሠራተኞች ደመወዝ፣ 10ሩ ለግብር፣ 40ው ለባለቤቱ ትርፍ ሄዷል እንበል፤ የገበሬውና የወፍጮ ቤቱም እንዲሁ ይከፋፈላል። በሦስተኛ በኩል ደግሞ ወጪ ነው፤ ሸማቾች ለዳቦ 280 አውጥተዋል። የአንድ አገር ጂዲፒም በእነዚህ ሦስት መንገዶች፣ በምርት፣ በገቢና በወጪ፣ ሊሰላ ይችላል። በመጽሐፍ ላይ ሦስቱ አንድ ውጤት ይሰጣሉ። በተግባር ግን መረጃው ከተለያየ ቦታ ስለሚሰበሰብ ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ ይለያያሉ፤ የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤቶችም ልዩነቱን ያስታርቃሉ፣ ወይም «የስታቲስቲክስ ልዩነት» ብለው በአንድ መስመር ያሳዩታል። ያ መስመር ፈጽሞ የማይታይበት ሰንጠረዥ ካገኙ፣ ልዩነቱ የለም ሳይሆን አንዱ ክፍል ውስጥ ገብቷል ብለው ቢጠረጥሩ አይሳሳቱም።

በወጪ በኩል ያለው ቀመር የቤተሰብን ፍጆታ፣ መዋዕለ ንዋይን፣ የመንግሥትን ፍጆታና ወደ ውጭ የተላከውን ደምሮ ከውጭ የገባውን ይቀንሳል። ከዚህ በመነሳት «ከውጭ ማስገባት ጂዲፒን ይቀንሳል» የሚሉ ብዙ ናቸው፤ ይህ ስህተት ነው። ከላይ ባለው ምሳሌ ዱቄቱ በ160 ከውጭ የመጣ ቢሆን ኖሮ ሸማቾች አሁንም 280 ያወጡ ነበር፤ ከዚያ ላይ 160ው የሚቀነሰው እዚህ ስላልተመረተ ነው። የሚቀረው 120 ዳቦ ቤቱ የጨመረው ነው። ቅነሳው የሌላ አገርን ምርት ከእኛ ድምር ማውጣት ነው እንጂ ቅጣት አይደለም።

ከዚህ ሥሌት በቀላሉ የሚከተል አንድ ነገር አለ። አሮጌ መኪና እጅ ቢለውጥ፣ አክሲዮን ዋጋው ቢጨምር፣ ጡረታ ቢከፈል፣ ዘመድ ገንዘብ ቢልክ፣ አዲስ ምርት ስለሌለ ከደላላው አገልግሎት በቀር የሚቆጠር ነገር የለም። ገንዘብ ተንቀሳቀሰ ማለት ተመረተ ማለት አይደለም።

አሁን ወዳልተሸጠው እንምጣ። አገሮች የሚከተሉት ደንብ የተባበሩት መንግሥታት የብሔራዊ ሒሳብ ሥርዓት ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1953 ታትሞ በ1968፣ በ1993 እና በ2008 ተሻሽሏል፤ የቅርብ ጊዜው ማሻሻያ በ2025 ጸድቋል። ይህ ሥርዓት «የምርት ወሰን» የሚባል መስመር ያሰምራል። ከመስመሩ ውስጥ ያለው ይቆጠራል፤ ውጭ ያለው፣ ምንም ያህል ጠቃሚ ቢሆን፣ አይቆጠርም። መስመሩ ለቤተሰብ ሲሆን እንዲህ ይነበባል፦ ቤተሰብ ለራሱ የሚያመርተው ቁሳዊ ዕቃ ውስጥ ነው፤ ቤተሰብ ለራሱ ያለ ክፍያ የሚሰጠው አገልግሎት ግን ውጭ ነው።

የገበሬው እህል ዕቃ ስለሆነ ውስጥ ገባ። የስታቲስቲክስ ሠራተኞችም በአሠራራቸው የሚነሱት ገበሬው ምን ያህል ሸጠ ከሚለው አይደለም፤ የታረሰውን መሬት ስፋት ይለካሉ፣ በናሙና ከታጨደ ማሳ የሄክታሩን ምርት ይገምታሉ፣ አባዝተው የዘሩንና የሌላውን ግብዓት ዋጋ ይቀንሳሉ። ዋጋውንም ገበሬው ቢሸጠው ኖሮ በሚያገኘው ይተምናሉ። እህሉ ገበያ ወጣ፣ ጎተራ ገባ፣ ለእርሻው ስሌት ልዩነት የለውም። የባለቤትዎ እንክብካቤ ግን አገልግሎት ስለሆነ ከመስመሩ ውጭ ወደቀ።

መስመሩ የሚያልፍበትን ቦታ በቅርብ ሲያዩት ግራ ያጋባል። ከወንዝ ለቤት ውኃ መቅዳትና ማገዶ መልቀም በደንቡ ምርት ናቸው፤ በዚያው ውኃና ማገዶ ለልጆች ምግብ ማብሰል ግን አይደለም። እህል መፍጨት ምርት ነው፤ ከዱቄቱ እራት መሥራት አይደለም። ልብስ መስፋት ውስጥ ነው፤ ማጠብ ውጭ ነው። (በተግባር ውኃ መቅዳትን የሚቆጥሩት መጠኑ ለአገሪቱ ጎላ ያለ ሲሆን ብቻ ነው፤ ያም ሆኖ በመርህ ደረጃ ውስጥ ነው።) ከአገልግሎትም ሁለት ነገሮች በልዩ ሁኔታ ይገባሉ። አንደኛው ባለቤቱ የሚኖርበት የገዛ ቤቱ ነው፤ ቤቱን ለራሱ እንዳከራየ ተቆጥሮ ግምታዊ ኪራይ ይደመራል። ይህ የተደረገው አብዛኛው ሰው የሚከራይበትን አገር አብዛኛው ሰው የቤት ባለቤት ከሆነበት ጋር ለማወዳደር እንዲቻል ነው። ሁለተኛው የተቀጠረ የቤት ሠራተኛ ሥራ ነው፤ የሚገባውም በሚከፈለው ደመወዝ ልክ ነው። ስለዚህ ማንም ከፍሎት የማያውቅ ኪራይ ጂዲፒ ውስጥ አለ፤ ሌሊት ሙሉ የታመመ ሲያስታምም ያደረ ሰው ድካም የለም። «የማይሸጥ ነገር መገመት አይቻልም» የሚለው መከራከሪያ ለእኔ የማያሳምነው በዚህ ምክንያት ነው፤ ሲፈለግ ይገመታል።

የደንቡ አዘጋጆች የሰጡት ምክንያት ግን ከዚህ የጠነከረ ነው፤ በቅንነት ላስቀምጠው። የቤት ውስጥ አገልግሎት እዚያው ተሠርቶ እዚያው ስለሚያልቅ በዋጋ፣ በገበያና በብድር ላይ ያለው ተጽእኖ ጥቂት ነው። ግዙፍ የግምት ቁጥር ከገበያው ቁጥር ጋር ቢቀላቀል፣ የዋጋ ንረትን ወይም የገበያን መቀዛቀዝ መከታተል ለሚፈልግ ሰው ጂዲፒ ይደበዝዛል። ከዚህም በላይ ቤቱን የሚጠርግ ሰው ሁሉ በራሱ ሥራ እንደተሰማራ ስለሚቆጠር ሥራ አጥ የሚባል ሰው በትርጉም ይጠፋል። እነዚህ ጂዲፒ ጠባብ መሣሪያ ሆኖ እንዲቆይ የሚያደርጉ ምክንያቶች ናቸው፤ ከመስመሩ ውጭ ያለው ሥራ ዋጋ የለውም የሚል አንድም ቃል የላቸውም። ደግሞም መስመሩ ከሰማይ የወረደ አይደለም። ኖርዌይ ቀደም ባሉት የብሔራዊ ሒሳብ ግምቶቿ ያልተከፈለ የቤት ሥራን ትደምር ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1950 አካባቢ ከሌሎች አገሮች ጋር ለመመሳሰል ስትል አወጣችው።

ይህ መስመር ቁጥሩን እንዴት እንደሚያዛባ በእርስዎ ቤት ምሳሌ እንየው፤ አኃዞቹ የእኔ ናቸው። ባለቤትዎ በሳምንት 40 ሰዓት፣ በሰዓት 10 እየተከፈላቸው ይሠሩ ነበር፤ በእነዚያ 40 ሰዓታት ልጆቹን በሰዓት 3 የምትከፈል ሞግዚት ትጠብቅ ነበር እንበል። በሳምንት 400 እና 120፣ በድምሩ 520 ጂዲፒ ውስጥ ይገባ ነበር። ባለቤትዎ ሥራ ሲለቁ፣ ሞግዚቷም ስትሰናበት፣ ቦታቸውን ማንም ካልተካ 520ው ሙሉ በሙሉ ይጠፋል። በባለቤትዎ ቦታ ሥራ የሌለው ሰው ቢቀጠር እንኳ ሞግዚቷ ሌላ ሥራ እስክታገኝ ድረስ 120ው ይቀንሳል። ልጆቹ ግን አሁንም በሳምንት ለ40 ሰዓት የሚጠብቃቸው አላቸው፤ እንዲያውም አሁን በዚያው ሰዓት እናትዎም አስታማሚ አላቸው። የመጀመሪያው 400 ቅናሽ እውነተኛ ነው፤ የመሥሪያ ቤቱ ምርት ቀርቷል። የሁለተኛው 120 ቅናሽ ግን ሥራው ከመስመሩ አንዱ ጎን ወደ ሌላው ከመሻገሩ በቀር ምንም አልጠፋም።

ይህንን ገልብጠው ያንብቡት። በብዙ አገሮች ሴቶች በብዛት ወደ ደመወዝ ሥራ በገቡባቸው አሥርተ ዓመታት የተመዘገበው ዕድገት ቤት ውስጥ የቀረውን ሥራ ሳይቀንስ የተሰላ ነው፤ ስለዚህ በተወሰነ ደረጃ የተጋነነ ነው። በተቃራኒው መንግሥት ታካሚዎችን ከሆስፒታል ቶሎ እያስወጣ ወጪ ሲቆጥብ፣ ማስታመሙ ወደ ቤት ይዛወራል እንጂ አይቀርም። በሰንጠረዡ ላይ ግን ቁጠባ ብቻ ሆኖ ይታያል። የመስመሩ ትልቁ ጉዳት ይህ ይመስለኛል፤ ወጪን ከተከፋይ ወደማይከፈል ሰው ማሸጋገር የውጤታማነት መልክ ይይዛል።

ታዲያ እንዴት ይለካ? መጀመሪያ ምን እንደሚለካ መለየት ያስፈልጋል። ካናዳ ተወልዳ በአሜሪካ የሠራችው የምጣኔ ሀብት ባለሙያ ማርጋሬት ሪድ እ.ኤ.አ. በ1934 ያቀረበችው መለያ ዛሬም ይሠራል፦ ሥራውን ሌላ ሰው ከፍለው ሊያሠሩት ይችላሉ? ልጅ ማጉረስ ይቻላል፤ ስለዚህ ምርት ነው። መተኛት፣ መማር፣ መዝናናት ግን ለእርስዎ ሌላ ሰው ሊያደርግልዎ አይችልም። ቀጥሎ የጊዜ አጠቃቀም ጥናት ይደረጋል፤ የተመረጡ ሰዎች የ24 ሰዓት ውሏቸውን፣ ብዙ ጊዜ በየ10 ደቂቃው ተከፋፍሎ፣ በማስታወሻ ይመዘግባሉ። እንዲህ ባለ ሥራ ላይ የተሳተፈ ሰው የሚያውቀው ነገር አለ፦ «ትናንት ምን ሠሩ?» ብለው ሲጠይቁ «ምንም፤ ቤት ነበርኩ» የምትል ሴት፣ ከንጋት ጀምሮ ሰዓት በሰዓት ስትጠየቅ ገጹን ትሞላዋለች። ስለዚህ አጠቃላይ ጥያቄ ብቻ የጠየቀ ጥናት ሥራውን አሳንሶ ያያል። ከዚህ የባሰው ችግር በአንድ ጊዜ የሚሠሩ ሁለት ሥራዎች ናቸው። ወጥ እየሠራች ሕፃን የምትጠብቅ ሴት «ምግብ ማብሰል» ብላ ብቻ ከመዘገበች ጥበቃው ይጠፋል፤ ሁለቱንም ሙሉ ሰዓት ከቆጠርን ደግሞ ቀኑ ከ24 ሰዓት ይበልጣል። ጥሩ ጥናት ዋናውንና ተጓዳኙን ሥራ በሁለት ዓምድ ለይቶ ይመዘግባል፤ ሁለተኛው ዓምድ መኖር አለመኖሩን ማየት የጥናቱን ጥራት ለመለየት ፈጣኑ መንገድ ነው።

ሰዓቱ ከታወቀ በኋላ ዋጋ ይሰጠዋል፤ ክርክሩም የሚጀምረው እዚህ ነው። ባለቤትዎ በእነዚያው 40 ሰዓታት ውስጥ 15ቱን እናትዎን ሲያስታምሙ፣ 25ቱን በልጆችና በማዕድ ቤት ሥራ ያሳልፋሉ እንበል። ሁሉንም ሥራ በቤት ሠራተኛ ደመወዝ፣ በሰዓት 3፣ ከተመንነው 120 ይሆናል። ማስታመሙን በነርስ ክፍያ፣ በሰዓት 6፣ የቀረውን በ3 ብንተምን 90 እና 75፣ በድምሩ 165 እናገኛለን። ባለቤትዎ ትተውት በመጡት ደመወዝ ብንተምነው ደግሞ 400 ይደርሳል። አንድ ሳምንት፣ አንድ ሰው፣ ያው ሥራ፤ ውጤቱ ግን ከ120 እስከ 400። ሦስተኛው መንገድ ለሰውየው ውሳኔ ለመመዘን ይረዳል እንጂ የሥራውን ዋጋ አይለካም፤ በእሱ ከሄድን ቀዶ ሐኪም ያጠበው ሳህን ሥራ የሌለው ሰው ካጠበው ሳህን ብዙ እጥፍ ሊበልጥ ነው። እኔ የሁለተኛውን መንገድ እመርጣለሁ፤ ምክንያቱም የሚተምነው ሥራውን እንጂ ሠሪውን አይደለም። እሱም ቢሆን ያልሠለጠነ አስታማሚ፣ ነርስ በአንድ ሰዓት የምትሠራውን በአንድ ሰዓት ይሠራል የሚል ግምት አለበት። የነርስ ደመወዝ ራሱም፣ ሥራው የሴት ተደርጎ ስለሚታይ ዝቅ ብሎ ከሆነ፣ ዝቅታው ወደ ግምቱ ይገባል።

የዓለም ሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ሪፖርት፣ በ64 አገሮች የጊዜ አጠቃቀም መረጃ ላይ ተመሥርቶ፣ ያልተከፈለ የእንክብካቤና የቤት ሥራ በየቀኑ 16.4 ቢሊዮን ሰዓት እንደሚወስድ ገምቷል፤ ይህ 2 ቢሊዮን ሰው በቀን 8 ሰዓት ያለ ክፍያ እንደ መሥራት ነው። ከሰዓቱ 76.2 በመቶው የሴቶች ነው። በዝቅተኛው የደመወዝ ወለል ሲተመን ከዓለም ጂዲፒ 9 በመቶ ይሆናል። ይህን 9 በመቶ ሲያነቡ ከሁሉ ርካሹ ዋጋ መሆኑን አይርሱ፤ በሌሎቹ መንገዶች ከዚህ ይበልጣል። ነገር ግን «ኢኮኖሚው ያጣው ገንዘብ» ተብሎ መነገር የለበትም፤ ሥራው ሁሉ በአንድ ቀን ወደ ገበያ ቢወጣ ደመወዙም ዋጋውም ባሉበት አይቆዩም። ግምቱ የሥራውን ስፋት ያሳያል እንጂ የሚሰበሰብ ገቢ አይደለም።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ድብልቅልቅ ላጥራ። በመንገድ ዳር መነገድ፣ ያልተመዘገበ አነስተኛ ሥራ፣ ሕገ ወጥ ንግድ ሳይቀር በደንቡ መሠረት ከምርት ወሰኑ ውስጥ ናቸው። ከቀሩ የሚቀሩት በመለኪያው ድክመት ነው፤ መረጃው ሲሻሻል ይገባሉ። ናይጄሪያ እ.ኤ.አ. በ2014 የስሌቷን መነሻ ዓመት ከ1990 ወደ 2010 ቀይራ ያልታዩ ዘርፎችን ስታካትት ጂዲፒዋ በ89 በመቶ ከፍ ብሎ ታየ፤ በማግስቱ ግን የማንም ኑሮ አልተለወጠም። የባለቤትዎ ሥራ የሚቀረው ከዚህ በተለየ ምክንያት ነው፤ መረጃው ፍጹም ቢሆን እንኳ ደንቡ አያስገባውም። የ2025ቱ ማሻሻያም መስመሩን አላነሳውም። ተፈጥሮን በሚመለከት ግን አንድ እርምጃ ወስዷል። እስከዚያ ድረስ የተቆረጠ ደን ገቢ ሆኖ ሲመዘገብ የደኑ ማለቅ እንደ ወጪ አይያዝም ነበር፤ አሁን የሀብቱ መመናመን እንደ ማምረቻ ወጪ እንዲቀነስ ተደንግጓል። ቅናሹ የሚታየው ግን በተጣራው የአገር ውስጥ ምርት ላይ ነው። ጥቅሉ፣ ማለትም በዜና የሚሰሙት ቁጥር፣ እንደነበረ ይቀጥላል።

ምክሬ ግልጽ ነው። የቤት ሥራ ጂዲፒ ውስጥ ይደመር ብለው አይሟገቱ፤ ከላይ እንዳየነው ከ120 እስከ 400 የሚዋዥቅ ግምት የገበያውን ቁጥር ያበላሻል፤ እንክብካቤውንም በሌላ ድምር ውስጥ መልሶ ይደብቀዋል። መጠየቅ ያለበት ከጂዲፒ ጎን የሚቆም፣ በእሱው አሠራር የተዘጋጀ ተጓዳኝ ሒሳብ ነው። ይህም በአምስት ዓመት አንድ ጊዜ በማይለወጥ መጠይቅ የሚካሄድ የጊዜ አጠቃቀም ጥናት ያስፈልገዋል፤ አንድ ጊዜ ብቻ የተደረገ ጥናት ሥራው ወዴት እየተሸጋገረ እንደሆነ አይነግርም። ውጤቱም በገንዘብ ብቻ ሳይሆን በሰዓት ጭምር ይውጣ፤ ሰዓቱ ከተማኙ ምርጫ ነፃ ነው።

እስከዚያው «በዚህን ያህል በመቶ አደገ» የሚል ዜና ሲሰሙ፣ ቁጥሩ የዋጋ ጭማሪ የተቀነሰለት መሆኑን፣ ለሕዝቡ ቁጥር ሲካፈል ምን እንደሚሆንና መነሻ ዓመቱ በቅርብ ተቀይሮ እንደሆነ ያጣሩ። ቤትዎ ውስጥ ደግሞ የባለቤትዎን ድካም በገንዘብ ማስላት ካስፈለገ፣ ለኢንሹራንስም ሆነ ለንብረት ክፍፍል፣ የትኛውንም ብሔራዊ ቁጥር አይጠቀሙ። አንድ ተራ ሳምንትና አንድ እናትዎ የባሰባቸው ሳምንት በማስታወሻ ይመዝገቡ፤ ሥራው በዓይነት ይለይ፤ እያንዳንዱም እዚያው አካባቢ ለዚያ ሥራ በሚከፈለው ዋጋ ይተመን። የሌሊቱን ሰዓት ለብቻው ይያዙት፤ ተኝቶ መጠበቅና ነቅቶ ማስታመም በአንድ ዋጋ አይተመኑም።